መልስ ሲዘገይ፦ ሥራ በዝቶ ነው ወይስ ልብ ርቆ?

ማለዳ_ጤዛ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ሰው ጋር መጻጻፍ ከጀመርን አራት ወር አልፎናል። በመጀመሪያው ወር ተኩል ሜሴጅ ልኬ ስልኩን ሳላስቀምጥ ይመልስልኝ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማታ ይቆያል። ስጠይቀው «አዲስ ሥራ ጀምሬ ፋታ አጥቼ ነው» ይለኛል። ሥራ መቀየሩ እውነት ነው። ግን ቴሌግራም ላይ online እያለ የኔን ሜሴጅ ሳይከፍተው ይውላል። ፍላጎቱ ቀንሶ ይሁን ወይም በእውነት ጊዜ አጥቶ የምለይበት መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ። «ልብሽ የሚልሽን ስሚ» አትበሉኝ እባካችሁ፤ ልቤ ጠዋት የሚለኝና ማታ የሚለኝ አይገናኝም።

ቀጥተኛው
እህቴ፣ አታወሳስቢው። የፈለገ ሰው ጊዜ አያጣም። «ደርሶኛል፣ ማታ እጽፍልሻለሁ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። online ሆኖ ካልከፈተው መርጦ ነው የተወው፤ ሌላ ሰው ጋር እየተጻጻፈ ነው። ይህን ማወቅ ያማል ግን ቶሎ ማወቁ ይሻላል።

ስልክ_ጠጋኝ
ቀጥተኛው፣ ስለ ግማሽ ደቂቃው አልከራከርህም፤ ስለ online ግን የተሳሳተ ነገር እየነገርካት ነው።

ማለዳ፣ ቴሌግራም online የሚለው አፑ በሆነ መሣሪያ ላይ ክፍት ሲሆን ነው። ሥራ ቦታው በኮምፒውተር ቴሌግራም ከፍቶ የሥራ ግሩፕ ውስጥ ከሆነ online ይላል። ዜና ቻናል እያነበበም ይላል። ፋይል እያወረደም ይላል። ከማን ጋር እንዳለ ግን አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ማለት ሜሴጁ ሰርቨር ደርሷል፣ ሁለት ራይት ማለት ቻቱ ተከፍቶ ተነቧል ማለት ነው። ስልኩ አናት ላይ ከሚመጣው ኖቲፊኬሽን ካነበበው ራይቱ አንድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ሳይከፍተው ዋለ» ስትዪ አንብቦት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ አሁን መመለስ ካልቻለ አውቆ አይከፍተውም፤ ከከፈተው ያልተነበበ የሚለው ምልክት ይጠፋና ማታ ይረሳዋል።

ሰዓቱን ደብቆ `last seen recently` ብቻ የሚታይሽ ከሆነ ደግሞ ከሱ ምንም አታውጪ። ያ ቃል ከአሁን ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ወደኋላ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል።

ዋትስአፕ ሌላ ነው። እዚያ አንድ ራይት ማለት ስልኩ ጋ አልደረሰም ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ፣ ኢንተርኔት ሳይኖረው ወይም ብሎክ ተደርገሽ ይሆናል። ሁለት ግራጫ ደርሷል ነው፣ ሰማያዊ ሲሆን ተነቧል። ግን የንባብ ምልክቱን ያጠፋ ሰው ቢያነበውም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ቮይስ ሜሴጅ ላይ ግን ያ ማጥፊያ አይሠራም፤ ካዳመጠው ማይክራፎኗ ሰማያዊ ትሆናለች። ይህን የጻፍኩት እንድትከታተዪው ሳይሆን የራይት ቀለም ፍርድ መስጫ እንዳልሆነ እንድታዪ ነው።

ወለላ
እኔም ይሄው ጉዳይ አለብኝ! ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከሄድኩ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። «በሳምንት ውስጥ እናሳውቅሻለን» ብለውኝ ነበር። ኢሜይል ላክሁ፣ መልስ የለም። ፍላጎት አጥተው ነው ወይስ ሥራ በዝቶባቸው?

ዝርዝር_አንባቢ
ወለላ፣ ያንቺ ጉዳይ በሌላ ሚዛን ነው የሚመዘነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ መልስ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ አንድ ፈራሚ ስላልፈረመ ወይም የመጀመሪያ ምርጫቸው እስኪወስን ስለሚጠብቁ ነው። የሰጡሽ ቀን ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ አጭር ኢሜይል ጻፊ፤ የሥራ መደቡን፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቀንና «ውሳኔው መቼ ይጠበቃል?» የሚለውን ጥያቄ አስገቢበት። እስከዚያው ሌላ ቦታ ማመልከት እንዳታቆሚ።

አሁን ወደ ማለዳ። የመዘግየቱ ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ስድስት ሰዓት ለአንዱ ሰው ፍጥነት ነው፣ ለሌላው መራቅ ነው። ሰውን ማወዳደር ያለብሽ ከራሱ ጋር ነው፤ እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። መነሻ የሚያደርገው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነው። በዚያ ጊዜ ማንም ከልማዱ ውጭ ነው የሚኖረው፤ እንቅልፉን ቀንሶ፣ ሥራውን አቋርጦ ይጽፋል። ያ ፍጥነት ለማንም አይዘልቅም። ከሱ ጋር ካወዳደርሽው ጤነኛ ግንኙነት ሁሉ እየሞተ ያለ ይመስልሻል።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ቻቱን ወደላይ ሄደሽ ከሦስተኛው ወር ሦስት ሳምንት ውሰጂ፤ የመጀመሪያው ግለት በርዶ፣ ሥራው ገና ያልተቀየረበትን ጊዜ። ከዚያ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ውሰጂ። ከሁለቱም መልስ የሚጠይቁ ሜሴጆችን ብቻ ለዪ። «ደክሞኛል ዛሬ» ወይም የተላከ ቪዲዮ አይቆጠርም፤ ጥያቄ ያልሆነ ነገር ሳይመለስ ቢቀር ብዙ ሰው ውይይቱ አልቋል ብሎ ነው የሚያስበው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የላክሽውንም ተዪው፣ እንቅልፉን እየለካሽ ነው የሚሆነው። አራት ሜሴጅ ተከታትለሽ ከላክሽ እንደ አንድ ቁጠሪ።

ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፊ፦ የላክሽበት ሰዓት፣ የመለሰበት ሰዓት፣ መልሱ ውስጥ ጥያቄ መኖር አለመኖሩን፣ የዚያን ቀን ወሬ ማን እንደጀመረ። ቆይታውን ከአጭር ወደ ረጅም ደርድሪና መካከል ላይ ያለውን ውሰጂ። አማካይ አታውጪ፤ አንዲት አሥራ አራት ሰዓት የቆየች መልስ አማካዩን ታበላሸዋለች፣ ደግሞ የምናስታውሰው ያችኑ ነው።

ቀጥተኛው
ሰው ወዶ ሒሳብ ይሠራል እንዴ? ቆጥረሽ የምታረጋግጪው ፍቅር አልቋል።

ዝርዝር_አንባቢ
ቆጠራው ፍቅርን አይለካም። የሚጠቅመው የሚያምሙትን መልሶች ብቻ ከማስታወስ ስለሚያድን ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይዘጋል፤ በየቀኑ የሚደረግ ከሆነ እኔም ተቃዋሚ ነኝ።

ማለዳ_ጤዛ
አደረግሁት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ወር 17 ጥያቄ ነበረኝ፣ መካከለኛው ቆይታ 50 ደቂቃ። በቅርቡ 14 ጥያቄ፣ መካከለኛው አምስት ሰዓት። ግን ያላስተዋልኩት ነገር አገኘሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት የላክሁት ሁሉ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ባንዴ ነው የሚመለሰው። ቅዳሜና እሁድ የላክሁት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል።

መልሱ ውስጥ እሱም መልሶ የጠየቀኝ ድሮ ከ17ቱ በ9ኙ ነበር፣ አሁን ከ14ቱ በ6ቱ። ወሬ የጀመረበት ቀን ግን ድሮ ከ21 ቀን 9 ነበር፣ አሁን 2 ብቻ ነው። ይቺ ናት የከበደችኝ።

ስልክ_ጠጋኝ
የሥራ ቀን ላይ የሚዘጋ በር፣ ቅዳሜና እሁድ የሚከፈት። ይሄ ጥርት ያለ የሥራ ሰዓት ነው። አንዳንድ ሥራ ቦታ ስልክ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ online የምታዪውም የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የዋለ ሊሆን ይችላል።

ዝርዝር_አንባቢ
ስለ መዘግየቱ እስማማለሁ። ፍላጎት ሲቀንስ መዘግየቱ የሰዓት ቅርጽ አይኖረውም፤ ማክሰኞ ቀን ላይም እሁድ ከሰዓትም እኩል ይንዛዛል። እንደውም መጀመሪያ የሚላላው የእረፍት ቀን ነው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ መልስ መስጠት ምርጫ እንጂ ግዴታ የሚመስል ነገር የለውም። ያንቺው ሰው የእረፍት ቀን ፍጥነቱ አልተነካም። ጥያቄ መጠየቁም ብዙ አልወረደም፤ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ በ14 ሜሴጅ ይህን ልዩነት ቁም ነገር ማለት አይቻልም። የአምስቱን ሰዓት ነገር እዚህ ላይ መዝጋት ትችያለሽ።

ወሬ መጀመሩ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ሥራ መልስን ያዘገያል፣ ቅዳሜ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ማለትን ግን አይከለክልም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በነዚህ ሦስት ሳምንታት አንቺ የመጀመሪያውን ሜሴጅ የምትልኪው በስንት ሰዓት ነው? በሦስተኛው ወርስ?

ማለዳ_ጤዛ
አሁን አየሁት። ያኔ ብዙ ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነበር፣ አንዳንድ ቀንም እሱን እጠብቅ ነበር። አሁን ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እልካለሁ። ሥራ ሳይገባ ላግኘው ብዬ ነው።

ዝርዝር_አንባቢ
እንግዲያው ሁለቱ ቁጥሮች አይወዳደሩም። በየቀኑ 1 ሰዓት ላይ ወሬውን የምትጀምሪው አንቺ ከሆንሽ እሱ የሚጀምርበት ጊዜ የለውም። ሲነቃ ሜሴጅሽ ቀድሞ ተቀምጧል፤ የሚጽፈው ሁሉ መልስ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው፦ አንዱ ሲሰጋ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ሌላው የሚጀምርበትን ክፍተት ይሞላዋል፣ ከዚያ «እሱ መጀመር አቆመ» ይባላል። በሦስት ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መጀመሩ ፍላጎት ማጣት ሊሆን ይችላል፣ ያንቺ መቅደም ብቻም ሊሆን ይችላል። ከቻቱ ይህን መለየት አይቻልም።

የሚለየው ክፍተቱን መልሰሽ ስትተዪለት ነው። አራት ወይም አምስት ቀን የመጀመሪያውን ሜሴጅ አትላኪ፤ ቅዳሜና እሁድ ውስጡ ይግቡ። ሲጽፍልሽ እንደ ወትሮው በሙሉ ልብ መልሺለት፣ አታቀዝቅዢው፣ ቆይታሽንም በእሱ ቆይታ አታስተካክዪ። የምትተዪው መቅደሙን ብቻ ነው።

ርግብ_በር
ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። አምስት ቀን ዝም ብሎ ሰውን መፈተን ጨዋታ ነው። እሱ ደግሞ ምን እንደሚያስብ አስቡ፤ በየጠዋቱ ይደርሰው የነበረ ሰላምታ ባንዴ ሲቀር «ተቀይማኛለች» ብሎ እሱም ዝም ይላል። ያን ጊዜ ሁለት የተቀየሙ ሰዎች ይሆኑና ውጤቱ ምንም አያሳይም። ፊት ለፊት መጠየቅ ምን አጠፋ?

ዝርዝር_አንባቢ
ስጋትሽ ትክክል ነው ርግብ፤ በተለይ ሰውየው ቶሎ የሚያፍር ዓይነት ከሆነ። ለዚህ ነው ቀድሞ መናገር የሚያስፈልገው። «አዲሱ ሥራህ ጠዋት እንደሚያጣድፍህ ስላየሁ በጠዋት አላስቸግርህም፤ ሲመችህ አንተ ጻፍልኝ፣ ደስ ይለኛል» ብላ አንድ ጊዜ ከነገረችው ዝምታው ትርጉም አለው፣ ፈተናም አይሆንም።

«ትወደኛለህ ወይ፣ ለምን ዘገየህ?» የሚለውን ቀጥተኛ ጥያቄ በጽሑፍ መላክ ግን አልመክርም። ፍላጎት ያለውም የሌለውም «ሥራ ነው» ብሎ ነው የሚመልሰው። አንዴ ጠይቃው ይህንኑ ብሏታል፤ ሁለተኛ ብትጠይቀው ያመጣው አዲስ ነገር አይኖርም።

ርግብ_በር
በጽሑፍ አልልሽም፣ በድምፅ ነው የምለው። አሥር ደቂቃ ደውላ ብታወራው የድምፁ ለዛ ከሦስት ሳምንት ቆጠራ ይበልጣል። እዚህ ላይ ሐሳቤን አልቀይርም።

ቀጥተኛው
እኔ ግን ስለ ግማሽ ደቂቃው የተናገርኩት አልተመለሰልኝም። ምሳ የሚበላ ሰው አንድ ቃል መጻፍ አይችልም?

ዝርዝር_አንባቢ
ይችላል። ግን የማይጽፍበት የታወቀ ምክንያት አለ። ሰው ለሚያከብረው ሰው አንድ ቃል መላክ ይከብደዋል፤ በደንብ ልመልስላት ብሎ ያቆየዋል። ስለዚህ ለዕቃ ሻጭ በደቂቃ መልሶ ለቅርብ ሰው ማታ ይመልሳል። የሚታወቀው ማታ በሚመጣው ነገር ነው። ያቆየው ሰው ሲመጣ ቀን የጠየቅሽውን ያነሳል፣ «ስለዚያ ነገር ያልሽኝ…» ይላል፣ የሚጽፈውም ከአንድ መስመር ይበልጣል። ቆይቶ ቆይቶ አውራ ጣት ብቻ ወይም «እሺ» የሚልክ ከሆነ ግን የአንተ ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተከታትላ አራት ሜሴጅ ከላከች የመጨረሻውን ብቻ ቢመልስ አይፈረድበትም፤ ማታ ተከምሮ ያገኘ ሰው የሚያየው የታችኛውን ነው። ጥያቄ ሲኖርሽ ለብቻው ላኪው ማለዳ።

የማታ_ብርሃን
አንድ የተዘለለ ነገር ልጨምር። መልስ የሚዘገየው በሥራና በፍላጎት ብቻ አይደለም። ሰው መንፈሱ ሲጨፈለቅ፣ ጭንቀት ወይም ድብርት ሲይዘው፣ ወሬ መጀመር ያቆማል፣ መልሱ ያጥራል፣ የእረፍት ቀኑም ይበረዛል። ከላይ የተባሉት ምልክቶች ሁሉ «ጠልቶሻል» ይላሉ፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱ ያለው ከቻቱ ውጭ ነው፤ ከአንቺ ብቻ ነው የራቀው ወይስ ከጓደኞቹም ከቤተሰቡም? ይወደው የነበረውን ነገርስ ትቷል? ከሁሉም ከራቀ ስለ ሜሴጅ ሳይሆን ስለ ጤንነቱ ነው መጠየቅ ያለበት። ያንቺው ሰው እሁድ በአንድ ሰዓት የሚመልስ ከሆነ ይህ አይመስለኝም፤ ሌሎች የሚያነቡ ስላሉ ነው የጻፍኩት።

ማለዳ_ጤዛ
አመሰግናለሁ፣ የአንዳችሁንም ቃል አልጣልኩም። ስለ ጠዋቱ ነግሬው ተውኩት። በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ቀን እሱ ጀመረ፤ አንዱ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ደፍሬ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኝ?» አልኩት። ከአራት ሰዓት በኋላ የመለሰው እንዲህ ነው፦ «ቅዳሜ ሥራ ያስገቡናል ባክሽ፣ አልችልም። እህትሽ ፈተናው እንዴት ሆነላት? የዛን ቀን ሳትጨርሺልኝ ቀረሽ።» ይሄን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ቀጥተኛው
ሌላ ቀን አልሰጠሽም። የሚፈልግ ሰው «ቅዳሜ አልችልም፣ እሁድስ?» ይላል።

ርግብ_በር
የእህቷን ፈተና አስታውሶ የሚጠይቅ ሰው ግድ የለውም ልትሉ ነው? የዛን ቀኑን ወሬ ይዞ መቆየቱን ለምን አታዩም?

ዝርዝር_አንባቢ
ሁለታችሁም ያያችሁት ነገር እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ማስታወሱ ትኩረቱ እንዳልጠፋ ያሳያል። ሌላ ቀን አለመስጠቱ ደግሞ ክፍተት ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ልማድ አይባልም። አንዳንድ ሰው ቀን መቁረጥ ላይ ሰነፍ ነው፤ «አልችልም» ካለ በኋላ ቀጣዩን ቀን ጠያቂዋ ታመጣለች ብሎ ይጠብቃል። በአምስት ቀን ሁለት ቀን መጀመሩም ከድሮው 9 ከ21 ጋር ሲታይ ያው ነው፣ ግን አምስት ቀን ለፍርድ ያጥራል።

አሁን የእህትሽን ነገር መልሺለትና መጨረሻው ላይ «ታዲያ አንተን የሚመችህ ቀን የቱ ነው?» በዪው። ቀን አታቅርቢለት፣ እንዲመርጥ ተዪለት። ቀንና ሰዓት ጠርቶ ከመጣ፣ ቢዘገይም፣ ጉዳዩ የሥራ ነው። «እናያለን»፣ «ሲመቸኝ እነግርሻለሁ» ብሎ እስከሚቀጥለው እሁድ ማታ ምንም ካላነሳ ቀን ሳይሰጥሽ ሲቀር ሁለተኛ ጊዜው ነው ማለት ነው፤ ሦስተኛ ሐሳብ አታቅርቢ። ያን ጊዜ ርግብ ያለችውን የስልክ ጥሪ አድርጊ፣ ስለ መዘግየቱ ሳይሆን መገናኘቱን ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው።

ርግብ_በር
እኔ ዛሬውኑ ደውዪ ነው የምላት።

ማለዳ_ጤዛ
ጥያቄውን ልኬዋለሁ፣ አንድ ራይት ላይ ነው። ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አልከፍተውም።